ያልመጣ መልስ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሲግናል ሰፈር አንድ አዛውንት ባለሱቅ ጉርድ ሾላ ወዳለው የኢንተርኔት መሸጫ ቢሯችን ደወሉ። እኛ ዘንድ ለቀረችው የመጨረሻ ማቀዝቀዣ በሞባይል ከፍለው ሳለ ሲስተማችን ትዕዛዛቸውን ሰርዞ ማቀዝቀዣዋን መልሶ ለሽያጭ አውጥቷታል።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባልደረባዬ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። «የክፍያ አገልግሎቱን ጠየቅን፣ መልስ አልሰጠም፤ ስለዚህ አልተከፈለም። ድጋሚ ይክፈሉ!»

«አንተ፣ እናትህ ስልክ ባያነሡ ለቅሶ ትቀመጣለህ?» አልኩት።

«ኔትወርክ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ሳቀ። አለማወቁን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ሰው ሲስቅ ማየት ያስጠላል።

የክፍያ አገልግሎቱን ራሴ ደግሜ ጠየቅሁ፤ «ተከፍሏል» የሚል መልስ መጣ። የትዕዛዝ ቁጥሩንና የገንዘቡን መጠን አመሳክሬ ማቀዝቀዣዋን ከሽያጭ አንሥቼ ለባለሱቁ ያዝኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ ባቀረብኩት ሐሳብ መሠረት ተወሰነ፦ መልስ ያልመጣለት ክፍያ በእንጥልጥል ቆይቶ ደጋግሞ ይጠየቃል፤ አገልግሎቱ ራሱ «አልተሳካም» ሳይል ትዕዛዝ አይሰረዝም። ባልደረባዬም ቃለ ጉባኤው ላይ ሐሳቤን የራሱ አድርጎ አስመዘገበው።