ሰው የሚወጣበት ደቂቃ

በሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከጎማ ቤቱ ጎን ያለችው ፎቶ ቤት የማናልሞሽ ታምሩ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ ፎቶ የሚያነሳው እሱ፣ ሰው አስቀምጣ አንገት የምታቃናው እሷ ነበረች። እሱ ሲሞት ካሜራውን ትሸጠዋለች ብለው ሁለት ሰዎች ዋጋ ይዘው መጡ። ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከሸዋ ቤንች እስከ ቴፒ ሰርግ በተባለበት ሁሉ ካሜራዋን አንግታ ትታያለች። የቀረጸችውን ዩቲዩብ ላይ መጫን ያስተማራት ታናሽ ወንድሟ ባስልኤል ነው። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ አፉ አያርፍም።

ወይዘሮ አማረች ወደዚች ፎቶ ቤት የመጡት በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ ነው። ሸዋ ቤንች የሚኖሩ የኮረሪማ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ማህደር ሳውዲ ከሄደች አራት ዓመት ሊሞላት ነበር። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትደውል ነበር፤ ኋላ አልፎ አልፎ ሆነ፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። በዚያ ሰሞን ሳውዲ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲወጡ አውጃ ስለነበር የሰው ልጅ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባል። የእሳቸው የለችም።

«ቀነ ገደቡ ካለፈ ያስሯታል አሉ» አሉ፣ ወንበር ሲሰጣቸው ሳይቀመጡ። «አንቺ የምትሰቅዪውን ሰርግ እዚያ ያሉት ልጆች ሁሉ ያዩታል ይባላል። የእኔንም ስቀዪልኝ፣ ልጄ።»

ማናልሞሽ እንደ ሰርግ አድርጋ ሠራችው። ሌላ አሠራር አታውቅም። መጀመሪያ በአበባ የተከበበ ጽሑፍ እየተሽከረከረ መጣ፣ ከሙዚቃ ጋር፤ የፎቶ ቤቱ ስምና ስልክ ተከተለ። ከዚያ ከተማዋ ከኮረብታ ላይ ታየች። ወይዘሮ አማረች ነጭ ለብሰው ብቅ አሉና አገር ውስጥና ውጭ ያለውን፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ታላቁንም ታናሹንም በየተራ ሰላም አሉ። ልጃቸው እንዴት እንደተወለደች፣ በማን በኩል እንደሄደች ተረኩ። መሀል ላይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ማናልሞሽ ይህንን አንድም ሳትቆርጥ ተወችው። ከለቅሶው በኋላ የልጅቷ ፎቶ በልብ ቅርጽ ውስጥ ወጥቶ ጠፋ፤ ደላላው ፓስፖርት ላይ ያወጣላት ስም ተነገረ፤ መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥር።

ተመልካቹ ከሰርጎቹ ሁሉ በለጠ። የደወለ ግን የለም። ወይዘሮ አማረች በገበያ ቀን ሁሉ ኮረሪማቸውን ሸጠው በባጃጅ ይመጣሉ።

«ስንት ሰው አየው?»

«አራት ሺህ አልፏል፣ እትዬ።»

በሦስተኛው ገበያ ይህንኑ ሲሰሙ፣ «አራት ሺህ ሰው አይቶ አንድ እንኳ የሚያውቃት ከጠፋ...» አሉና አልጨረሱትም። ሲወጡ በር ላይ ዘወር አሉ። «የባሌ ወንድም ድንኳን እንትከል ይላል። መርዶ ሳይነገር እስከ መቼ ይኖራል ይላል። እሺ ሳልለው አልቀርም።»

ማናልሞሽ ያን ቀን ሥራ አልሠራችም። ድንኳኑ የሚተከለው እሷ በሰጠቻቸው ቁጥር ላይ ነው። ባስልኤልን አስጠራችው።

«አራት ሺህ ሰው አይቶታል ማለት ምን ማለት ነው?» አለችው።

«ከፍቶታል ማለት ነው። አይቶታል ያለሽ ማነው?» አለና ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረ። የተመልካች ቆይታ የሚባለውን ገጽ አወጣላት። ከቪዲዮው ሥር አንድ መስመር ከግራ ከፍ ብሎ ይነሳና ወደ ቀኝ ይወርዳል። «ግራው የቪዲዮው መጀመሪያ፣ ቀኙ መጨረሻ። ከፍታው ደግሞ ከከፈተው መቶ ሰው ውስጥ በዚያች ሰከንድ ስንቱ እያየ እንደነበር ነው።»

«ይኸ ገደል ምንድነው?»

«ያንቺ አበባ።»

ሳቀባትና ቀጠለ። ከመቶው ሃምሳው ጽሑፉ ሲሽከረከር ወጥቷል። «ሰርግ የጠላው ሰርግ መስሎት ወጣ። ሰርግ የወደደው ደግሞ እትዬ አማረችን ሲያይ ወጣ። ሁለቱንም አባረርሻቸው፣ እህቴ።»

ሰላምታው ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ወረደ። ለቅሶው ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ እስከዚያ የቆየው ሁሉ ቁጭ ብሎ አይቷል። ለቅሶው እንዳበቃ እንደገና ተሰበረ። ፎቶው ጋ ሲደርስ ከመቶው አሥራ አምስት አይሞላም። የስልኩ ቁጥር ጋ ከዚያም ያነሰ ነው።

ማናልሞሽ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። ወራጁ መስመር ትንሽ ጉብ ብሎ ነበር። «እዚህ ጋ ሰው ገባ?»

«ወይ ዘሎ የመጣ ነው፣ ወይ ወደኋላ መልሶ ያየ። አንድ ሰው አንዱን ቦታ ሁለቴ ካየ ሁለቴ ይቆጠራል። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ አይነግርሽም።»

እሷ ግን ቪዲዮውን በዚያች ሰከንድ ላይ አቆመችው። የማህደር ፎቶ ነው፤ ልቡ ተከፍቶ ሳያልቅ መዘጋት የጀመረበት። «ፊቷን ሊያዩ ነው የመለሱት። አልደረሰላቸውም።»

ባስልኤል የራሱ ሐሳብ ነበረው። «መስመሩ ያልወረደው ለቅሶው ላይ ብቻ ነው። በሚቀጥለው በለቅሶ ጀምሪ። ሰው ይቆይልሻል።»

ማናልሞሽ ደስ አላላትም፤ ግን መስመሩ እንደሚለው ከሆነ ትክክል ነው።

ወይዘሮ አማረች በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ የድንኳኑ ቀን ተቆርጦ ነበር። ማናልሞሽ እጃቸውን ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«እትዬ፣ አራት ሺህ ሰው አላያትም። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ። አብዛኛው ፊቷን ሳያይ ነው የወጣው።»

መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ቡናና ኮረሪማ በዓይን የሚመዝኑ ናቸው፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ያለቀስኩት የት ጋ ነው?»

«ይኸውና። እዚህ ላይ ማንም አልወጣም ማለት ይቻላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጡ።»

ባስልኤል ጣልቃ ገባ። «ለዚህ ነው በለቅሶው እንጀምር የምለው፣ እትዬ። ሰው የያዘው እሱ ነው።»

ወይዘሮ አማረች ወደ እሱ ዞሩ። «ለቅሶ የደረሰ ሰው ሲጨርስ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

መልሱን ራሳቸው ሰጡ።

«ነጠላውን አስተካክሎ ቤቱ ይሄዳል። ደረቴን እየመታሁ ያለቀስኩት እኮ ለሞተ ሰው ነው። ሞታለች ብዬ ነግሬያቸው ማን ይፈልጋታል? አብረውኝ አልቅሰው፣ እግዜር ያጽናሽ ብለው ሄዱ።»

ግራፉ ይህን አላለም። ሰው ወጣ ነው ያለው። ማናልሞሽ ግን ከዚህ የተሻለ ምክንያት የሚሰጥ አላገኘችም። ባስልኤልም ካሜራውን ከቦርሳው አወጣ።

ያኔውኑ ቀረጹ። ወይዘሮ አማረች ነጩን ልብስ አልለበሱም፤ ለገበያ የመጡበት አረንጓዴ ቀሚስ ነበር። የተጣሉት በሰላምታው ብቻ ነው።

«ሰላም ሳልል ልመና ልጀምር? እኔን እንዲህ ነው ያሳደጉኝ?»

«ሰው እዚያ ላይ እየወጣ ነው፣ እትዬ።»

«የወጣ ይውጣ። እኔ ሰላም ሳልል አልወጣም።»

ሰላምታው መጨረሻ ላይ እንዲሆን ተስማሙ። ሙዚቃም አበባም ቀረ። ቪዲዮው ሲከፈት ማያውን ሞልቶ የሚታየው የማህደር ፊት ነው፤ የስልክ ቁጥሩ ከሥሩ እስከ መጨረሻው አይነሳም። የእናትየው ድምፅ ይሰማል፤ «ይህች ልጄ ማህደር ናት። ፓስፖርቷ ላይ ዙሌይካ ተብላለች። ጂዳ ነበረች። በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። በሕይወት አለች። ያለችበትን የሚያውቅ ይደውልልኝ።» ርእሱም «ይህችን ልጅ የሚያውቅ» ሆነ። ወይዘሮ አማረች በዚያው ምሽት ድንኳኑ እንዲቀር ለባላቸው ወንድም አስታወቁ። ሰውየው «እብደት ነው» ማለቱን በኋላ እየሳቁ ተናገሩ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

የተመልካቹ ቆይታ የሚታወቀው ጥቂት ቀን አልፎ ነው። ማናልሞሽ ጠበቀች። መስመሩ ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ገደል አልነበረውም። ስሟ ሲጠራ ከመቶው ከስልሳ በላይ አለ። ቅንድቧ ሲነገር ጉብታ አለ፤ እዚያ ጋ መልሶ ያየ ሰው አለ።

«ሰላምታዬ ላይስ?» ሲሉ በስልክ ጠየቁ ወይዘሮ አማረች።

«ወጡ።»

«ይሁን። እኔ ሰጥቻለሁ።»

ከጂዳ የደወለችው ሳራ የምትባል ልጅ ናት። «የመጀመሪያውን ከፍቼ ዘግቼው ነበር፤ የሰርግ መስሎኝ» አለች። «ፎቶውን ያየሁት አሁን ነው። ዙሌይካ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ተኝተናል። አለች።»

ማናልሞሽ «አለች» የሚለውን ሁለቴ አስደገመቻት። ከዚያ ሸዋ ቤንች ደወለች። ሴትዮዋ ገበያ ቀን አልጠበቁም፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡና ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራ። ያነሳችው ማናልሞሽ ናት።

«ቪዲዮውን የለቀቅሽው አንቺ ነሽ?» አለች ድምጿ የሻከረ ልጅ። «አውርጂው። አሠሪዎቼ የሚያውቁኝ በሌላ ስም ነው። ከፊተኛው ቤት ጠፍቼ ነው የወጣሁት። ትናንት የጎረቤት ሠራተኛ ፊቴን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ፖሊስም ያየዋል። በእናትሽ አውርጂው።»

«እናትሽ አጠገቤ ናቸው» አለችና ስልኩን ሰጠች።

ወይዘሮ አማረች ስልኩን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ስለነበር የሚሉት አይሰማም፤ ብዙውንም ጊዜ የሚያዳምጡት እሳቸው ነበሩ። ተመልሰው ሲገቡ ዓይናቸው ደርቋል።

«ሰው አይወቀኝ ብላ ነው ዝም ያለችው። አውርጂው።»

ባስልኤል ጭንቅላቱን አከከ። «ለእኛ ብቻ እንዲታይ አድርገን ብንይዘውስ? ግራፉ እንኳ ለሌላው ይጠቅመናል።»

«ሁለቱንም አጥፋ» አለች ማናልሞሽ። እሱ ቆም ሲል ማውሱን ከእጁ ወስዳ ራሷ አጠፋቻቸው። በቻናሏ ላይ ብዙ ሰው ያየው ሥራዋ ያ ነበር። ፌስቡክ ላይ ቀድተው የለጠፉት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ለሦስቱም ጻፈችላቸው። ሁለቱ አወረዱ። አንደኛው አላወረደም።

ማህደር ለመውጣት ተመዝግባ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አገሯ ገባች። ወደ ሚዛን ግን አልመጣችም፤ ፊቷን የማያውቀው ሰው የለምና አዲስ አበባ ቀረች። እናቷ ኮረሪማቸውን ለእህታቸው ትተው እዚያ ሄዱላት። ማናልሞሽ ልጅቷን በአካል አይታት አታውቅም።

የማናልሞሽ ወሬ ግን ተሰምቶ ነበር። ከክረምቱ በኋላ ልጅ የጠፋባቸው ከቴፒም ከሌላም ይመጡባት ጀመር። አሁን ካሜራውን ከማንሳቷ በፊት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ልጅዎ ብትገኝ፣ ፊቷ እንዲታይ ትፈልግ ይመስልዎታል?»

መጀመሪያ የመጡት አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ምን አውቄ» አሏት። «ባውቅማ ያለችበትንም አውቅ ነበር።»

ማናልሞሽ ፎቶውን ከእጃቸው ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ቆመች፤ ካሜራዋን ገና አላነሳችም።