ሃያ ዙር ወደ ግራ

ሙሄዲን የሱፍ በየቀኑ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከኮምቦልቻ የውሃ ማጠራቀሚያ በታች ካለው ጉድጓድ አጠገብ ይቆማል። የብረት ክዳኑን በመንጠቆ ያነሳል፤ ደረቱ ድረስ የሚደርሰውን ረጅም የብረት ቁልፍ ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ የውሃ መዝጊያውን፣ የቫልቩን ራስ ያገኛል፤ ሃያ ጊዜ ወደ ግራ ያዞራል። ማታ በአንድ ሰዓት ተመልሶ ሃያ ጊዜ ወደ ቀኝ ያዞራል። ዙሩን የሚቆጥረው በከንፈሩ ነው፤ ድምፅ አያወጣም። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አድርጓል።

ከማጠራቀሚያው ወደ ከተማው የሚወርዱ መስመሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው አሮጌና ቀጭን፣ አፉ አሥር ሳንቲሜትር የሆነ፣ ቀንም ማታም ክፍት ነው። ሁለተኛው እጥፍ ስፋት አለው፤ ሙሄዲን ማታ የሚዘጋው ማጠራቀሚያው እስኪነጋ እንዲሞላ፣ ጠዋት የሚከፍተው ደግሞ ከተማው እንዲጠጣ ነው። የሰፊው መስመር ቫልቭ ጥርሱ አልቆ ስለነበር በ1978 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ከደሴ የመጡ ሠራተኞች በአዲስ ተኩት። የዚያን ዕለት ማታ ሙሄዲን ሊዘጋ ሲሄድ ቁልፉ ወደ ቀኝ አልዞር አለው። ሠራተኞቹ ዘግተውት ሄደዋል ብሎ አሰበና ወደ ቤቱ ገባ። በነጋታው ሃያ ጊዜ ወደ ግራ ሲያዞር በደንብ ዞረለት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላስታወሰውም።

በመጋቢት ከከተማው ዳርቻ አንድ የጥጥ መጋዘን ግንባታ ሊያልቅ ተቃረበ። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል መመረቅ ነበረበት። ጥጥ እሳት ከያዘው በባልዲ አይጠፋም፤ ስለዚህ ከጣሪያው ላይ ሙቀት ሲያገኛቸው ተከፍተው ውሃ የሚረጩ አፎች ተተክለዋል፤ በግቢው ደግሞ የእሳት አደጋ ቱቦ የሚገጠምባቸው ሃይድራንቶች ቆመዋል። ይህን ሁሉ የከተማው መስመር ይችለው እንደሆነ እንድትመረምር ከደሴ ቢሮ ኢንጂነር አትጠገብ ተላከች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ሴት ናት።

አሠራሯን ለሙሄዲን ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብላ አስረዳችው። እሳቱ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ላይ ቢነሳ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በደቂቃ አሥር ሊትር ይፈልጋል፤ ይህ ሁለት ሺህ ነው። ለቱቦዎቹ ሌላ አንድ ሺህ ይጨመራል። በድምሩ ሦስት ሺህ ሊትር በደቂቃ።

«ውሃው መድረሱ ብቻ አይበቃም፣ ጋሽ ሙሄዲን» አለችው። «ይህ ሁሉ እየፈሰሰ በመጋዘኑ በር ላይ ሦስት ነጥብ ሁለት ባር ግፊት መቅረት አለበት። ስምንት ሜትር ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ በቧንቧው ውስጥ ይዳከማል፣ ከአፉ ደግሞ በጉልበት መውጣት አለበት።»

«ግፊቱማ ሞልቷል። እኔ ስለካው ሁልጊዜ ከአምስት በላይ ነው።»

«ያ ቆሞ ሳለ ነው። የቆመ ውሃ ሁሉ ጀግና ነው። ሲሮጥ ስንት ይተርፈዋል ነው ጥያቄው።»

የመጀመሪያው ፍተሻ ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተደረገ፤ ሰው ከመቅዳቱ በፊት ቢለቀቅ ማንንም አያስቸግርም ተብሎ ነው። አትጠገብ በአንደኛው ሃይድራንት ላይ መለኪያ ገጠመች፤ ሙሄዲን ሁለተኛውን ከፈተ። መርፌው ከአምስት ነጥብ አምስት ወደ አራት ነጥብ ስምንት ወረደና ቆመ፤ የሚወጣው ውሃ በደቂቃ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሊትር ነበር። ወረቀቷ ላይ አሰላች። ሦስት ሺህ ቢለቀቅ ሦስት ነጥብ ስምንት ባር ይቀራል። ይበቃል። ሙሄዲን በፍተሻው ቅጽ ላይ በምስክርነት ፈረመ።

ሰፊው መስመር በዚያ ሰዓት ገና እንዳልተከፈተ ግን አልነገራት። ለመደበቅ አልነበረም። ተዘግቶ ይህን ያህል ከሰጠ፣ ሲከፈት ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል ብሎ አላሰበም።

አትጠገብ ግን ልማዷ ነውና ሐሙስ በአራት ሰዓት፣ ከተማው ውሃ በሚቀዳበት ጊዜ ደገመችው። መርፌው መጀመሪያ አምስት ነጥብ አንድ ላይ ነበር። ሙሄዲን ሃይድራንቱን ሲከፍት ግን እስከ አንድ ነጥብ ስድስት ድረስ ወደቀ፤ የወጣውም አንድ ሺህ አንድ መቶ ሊትር ብቻ ነው። መለኪያው ተበላሽቷል ብለው ሌላ ገጠሙ። አንድ ነጥብ ስድስት። እንደገና አሰላች፤ ሦስት ነጥብ ሁለት ባር እንዲቀር ከተፈለገ መስመሩ የሚሰጠው ስምንት መቶ ሊትር ገደማ ነው። ሙሄዲን በዚህኛውም ቅጽ ላይ ፈረመ።

«ሰው ስለቀዳ ብቻ እንዲህ አይወድቅም» አለች። «የተዘጋ ቫልቭ አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወላሂ! ጠዋት ጠዋት የምከፍተው እኔው ነኝ። ዛሬም በእጄ ከፍቼዋለሁ።»

የመጋዘኑ ግንባታ ኃላፊ ጓድ ስማቸው ሁለቱንም ቅጾች ጎን ለጎን ይዞ ቆመ። አጭር፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ሁለተኛውን ቅደዱት» አለ።

«አልቀድም» አለች አትጠገብ። «ሁለተኛው እውነት ከሆነ የውሃ ገንዳና ፓምፕ ያስፈልግሃል።»

«ለመስከረም? ገንዳ?» ወደ ሙሄዲን ዞረ። «አንድ መስመር፣ ሁለት ቁጥር፣ ከሁለቱም ሥር ያንተ ፊርማ። ይህን ነገር አሻጥር ይሉታል፣ ጓድ። ሰኞ ደሴ ቢሮ ቀርበህ በጽሑፍ ታስረዳለህ።»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰውን ከቤቱ ያስወጣ ነበር። ሙሄዲን እጁን በሱሪው ጠረገ። የሚያስረዳው ምን እንደሆነ አላወቀም። ተዘግቶ የሞላ፣ ተከፍቶ የጎደለ ውሃ ሰምቶ አያውቅም።

አርብና ቅዳሜ መስመሩን በእግሩ ተከተለ። የረጠበ አፈር፣ ያለወቅቱ የለመለመ ሣር ፈለገ፤ ምንም የለም። የማጠራቀሚያው ጠባቂ ቢያዝን የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር ጨመረበት።

«እኔም ልነግርህ ነበር። ማጠራቀሚያው ሌሊት መሙላት ከተወ ቆየ እኮ። ጠዋት ጠዋት ከግማሽ በታች ነው።»

«ቀንስ?»

«ቀን ይሞላል።»

«ሰው እየቀዳ?»

«እየቀዳ። እኔ ምን አውቃለሁ? ያንተ ውሃ ነው፣ አንተ ጠይቀው!»

ሙሄዲን ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ለጣይባ ሁሉንም ነገራት። ጣይባ ሽሮ እየነፋች አዳመጠችው።

«ሌሊት ሰው ተኝቶ ይጎድላል፣ ቀን ሰው እየጠጣ ይሞላል» አለች። «በረመዳን እንኳ እንዲህ አይገለበጥም።»

እሱ አልሳቀም። «አይገለበጥም» ያለችውን ግን ይዞት አደረ።

እሁድ ጠዋት ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሰደደ። አላዞረም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን በብረቱ ላይ አደረገ። ውሃ ይሮጣል። ተዘግቷል በሚለው ቫልቭ ውስጥ፣ በሙሉ አፉ፣ ውሃ ይሮጣል። ምናልባት የቀጭኑ መስመር ድምፅ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ማዞር ጀመረ፤ በየአምስቱ ዙር ቆሞ ያዳምጣል። በአሥረኛው ድምፁ ቀጠነ። በአሥራ አምስተኛው አፏጨ። በሃያኛው ዝም አለ።

ሲከፈት ዝም የሚል ውሃ የለም።

ወደ ቀኝ መለሰው፤ ድምፁ ተመለሰ። ወደ ግራ፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገመ። ጉድጓዱ ውስጥ ገባና የቫልቩን ራስ በጨርቅ ጠረገው። ከቅባቱ ሥር ቀስት ወጣ፤ የሚከፈትበትን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ወደ ቀኝ ይጠቁማል። አሮጌው ወደ ግራ ይከፈት ነበር፤ አዲሱ ወደ ቀኝ ነው። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ጠዋት ከፈትኩ ሲል ሲዘጋ፣ ማታ ዘጋሁ ሲል ሲከፍት ነበር። ቀን ከተማው በሙሉ በቀጭኑ መስመር ብቻ ይጠጣል። ውሃ በቆመበት ጊዜ መለኪያው ልዩነቱን አይናገርም፤ ብዙ ውሃ ሲጠየቅ ነው የሚያጋልጠው።

ቢያዝን ከላይ ሆኖ ሲያየው ነበር።

«አገኘኸው?»

«ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ እኔ ነኝ።»

ነገሩን ሲሰማ ቢያዝን አፉን በእጁ ያዘ፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። «አብሽር፣ አይዞህ። ወደ ቀኝ አዙረህ ተወው። ነገ አየር ገብቶበት ነበር በል። ማን ጉድጓድ ገብቶ ያይብሃል?»

ሙሄዲን ከጉድጓዱ ወጣ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ቫልቩ ይከፈታል፣ ሦስተኛው ፍተሻ ያልፋል፣ አሻጥር የሚባል ነገር ይረሳል። ግን አትጠገብ ግፊቱ ለምን እንደወደቀ ሳታውቅ ያንን ቁጥር ታምነዋለች? ካመነችውስ፣ እሱ በሌለበት ቀን ሌላ ሰው መጥቶ ሃያ ወደ ግራ ቢያዞር?

«ወላሂ ብዬ ምዬላታለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ሳታውቅ የማልኸው አይያዝብህም።»

«አሁንማ አወቅሁ።»

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ በሀረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ ወጣ። ከኮምቦልቻ ሙቀት የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢውን ይፈልጋል፤ እሱ ረስቶት ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቢሮ ሲገባ አትጠገብና ጓድ ስማቸው ተቀምጠዋል። የጻፈውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ማንበብ ሲያቅተው በቃል ነገራቸው። ባለፈው ሰኞ መስመሩ ዝግ መስሎት ሳይናገር መፈረሙንም ጨመረ።

አትጠገብ እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ ሁለቱን ቅጾች አየቻቸው።

«ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱም የማይረቡ። አንደኛው መስመሩ ክፍት፣ ከተማው ተኝቶ። ሁለተኛው ከተማው ነቅቶ፣ መስመሩ ዝግ።»

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለ ጓድ ስማቸው። «ይበቃል ወይስ አይበቃም?»

«አላውቅም።»

«ስድስት ሳምንት የከተማ ውሃ ሲዘጋ የኖረ ሰው ፊትሽ ቆሞ አላውቅም ትያለሽ?»

«እሱ ባይነግረን አውቃለሁ ብዬ እፈርም ነበር» አለች። «የቀስቱን ነገር ያልተናገሩት ሠራተኞች ከዚሁ ቢሮ የሄዱ ናቸው። ይህም ይጻፍ።»

ጓድ ስማቸው ወረቀቱን ወሰደና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ለማን እንደሚያሳየው አልተናገረም። ሙሄዲን ወረቀቱ ይጥቀመው ይጉዳው ሳያውቅ ከበሩ ወጣ። ሰኞ ገበያ ውስጥ አልፎ ወደ አውቶቡስ ሲወርድ ሰው እየገፋው እንኳ በከንፈሩ ይቆጥር ነበር፤ ወደ የት እንደሚያዞር ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ማታ ቫልቩን ሃያ ዙር ወደ ግራ አዙሮ ዘጋው፤ ጆሮውን በቁልፉ ላይ አድርጎ ዝምታውን አረጋገጠ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ደብዳቤ ማክሰኞ ከደሴ ቢሮ ደረሰው፤ አሻጥር የሚል ቃል የለበትም፣ አሻጥር የለም የሚልም የለበትም። ሦስተኛው ፍተሻ ሐሙስ በአራት ሰዓት ይደረጋል፤ ቫልቩን የሚከፍተው እሱ ነው።