ጄሶዬን በጭቃ የጠገንኩ ጊዜ

ቀጨኔ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው፤ ሁለታችንም ሸክላ እንሠራለን። ባለፈው ክረምት የአፈር ጆንያ አዝዬ ቁልቁለቱን ስወርድ አዳለጠኝና በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ተሰበረ።

ሆስፒታል ጄሶ ካሰሩልኝ በኋላ ብዙ ነገር ነገሩኝ። እጄን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ እንዳስቀምጥ፣ ጣቶቼን ቶሎ ቶሎ እንዳንቀሳቅስ፣ ጄሶውን ውሃ እንዳይነካው፣ ቢያሳክከኝም እንጨት ወደ ውስጡ እንዳልከት። ስድስት ሳምንት ይቆያል ተባልኩ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ አንድ የጨነቀኝን ነገር ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከእንግዲህ ሸክላ መሥራት እችል ይሆን?

በሦስተኛው ሳምንት የጄሶው ጠርዝ አውራ ጣቴ አጠገብ ተሰንጥቆ ይፈረፈር ጀመር። እኛ ጋ እሳት ሳይገባ የተሰነጠቀ ድስት በቀጭን ጭቃ ተለስኖ ይስተካከላል። እኔም በግራ እጄ ስንጥቁን በጭቃ ለሰንኩትና ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ጄሶው እንደራሰ ዳቦ ለሰለሰ። ያለኝ ምርጫ ወደ ሆስፒታሉ መመለስ ብቻ ነበር።

ጄሶ የሚያስረው ባለሙያ እጄን አገላብጦ አየና ይሄ ምንድን ነው አለኝ። ጭቃ መሆኑን፣ ሥራዬም ሸክላ መሆኑን ቀስ ብዬ ነገርኩት።

"ታዲያ ለምን እሳት ውስጥ አልጨመርሽውም?" አለ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ።

በራጅ ሲታይ አጥንቱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም ነበር። አዲስ ጄሶ ሲያስርልኝ ድፍረት አገኘሁና ያንን ጥያቄ ጠየቅሁት።

"ትሠሪያለሽ" አለኝ፣ "ግን ጄሶው የወለቀ ቀን አይደለም። ትልቁ ሥራ ያኔ ነው የሚጀምረው።"

እውነቱን ነበር። ጄሶው ሲወልቅ እጄ ከስቶ ቆዳው ይላጥ ነበር፤ አንጓዬ አልታጠፍ አለ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቃተኝ። አክስቴ ወጌሻ ጋ ወስዳ ልታሳሸኝና ልታስጎትተኝ ተነሳች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ብዬ እከተላት ነበር።

"አክስቴ፣ አልሄድም" አልኳት። "በኃይል አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው የሚፍታታው ብለውኛል ሆስፒታል።"

አኮረፈች። ግን ጠዋት ጠዋት ውሃ የምታሞቅልኝ እሷው ነበረች። እጄን ለብ ባለው ውሃ ነክሬ አንጓዬን ወደ ላይ ወደ ታች አጥፋለሁ፣ መዳፌን እገለብጣለሁ። ከዚያ ስፖንጅ እጨብጣለሁ፣ እለቃለሁ። በጣም ሲያመኝ አቆማለሁ። መጀመሪያ ስፖንጁ እንኳ አይጨመቅልኝም ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ ቻልኩ፤ ቆይቶም የሻይ ብርጭቆ ያለ ችግር መያዝ ጀመርኩ።

ጄሶው ከወለቀ ሦስት ወር ሲሆነው ከባዱን አፈር አክስቴ አሽታ አንድ ጭብጥ ቆርሳ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ትንሽ የወጥ ድስት ሠራሁበት። በቀኝ በኩል አፉ ትንሽ ሳሳ፤ እዚያ ጋ ጣቴ ደክሞ ነበር። አክስቴ አንስታ አየችው። ሲደርቅም ከራሷ ድስቶች መሐል አሰልፋ ለእሳቱ አዘጋጀችው።