ካውያና የልብስ ሰፊው እጅጌ

የፎቶ ቤታችንን ኤዲተር «ካውያ» የምንለው፣ የደንበኛን የተጨማደደ ልብስ ኮምፒውተር ላይ ስለሚተኩስ ነው። ደግሞ ልክ አያውቅም! አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊን ኮት አንዲት መስመር ሳያስቀር ለጥ አደረገው።

ሽማግሌው ፎቶውን አዩና፣ «ልጄ፣ ክንዴ ታጥፎ እጅጌዬ እንዴት ቀጥ አለ? ቆርቆሮ ነው እንዴ የለበስኩት?» አሉ።

ካውያ አፍሮ ዋናውን ፎቶ እንደገና ከፈተ። የኮቱን ደረት መጨማደድ፣ አጠገቡ ካለውና ተመሳሳይ ብርሃን ካረፈበት ጨርቅ እየቀዳ ሸፈነው። ያበጠውን የኮቱን ጠርዝ ምስል በሚያጣምመው የኮምፒውተሩ መሣሪያ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋው። የክርኑንና የብብቱን እጥፋት ግን ትንሽ አደብዝዞ ተወው።

«አሁን ሰው ለብሶታል» አሉ ሽማግሌው። ቀጥለው የካውያን ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች ቃኙት።

«ይሄንንስ ማን ይተኩስልህ?»