ባዶና ዜሮ

አምቦ ውስጥ የጤና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የጤና ጣቢያዎቹን የወባ ሪፖርት በየማለዳው ከማዕከላዊው ሲስተም የሚያመጣ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። እንደ ልጄ ነበር የምኮራበት። አንድ መስከረም ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ «ተሳክቷል» አለኝ፤ የጉደርም፣ የእጃጂም፣ የባኮም ጣቢያ የወባ በሽተኛ ዜሮ። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ አሳየኋቸው። በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ኦቦ ነው የምንላቸው፤ ወጣትነታቸውን፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ በሚበረታበት ባኮ፣ በወባ ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው።

«ባኮ፣ በመስከረም፣ ዜሮ? ማነው ዜሮ ያለው?» አሉና ወደ ባኮ ደወሉ። የጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ የወባ በሽተኛው አግዳሚ ሞልቶ መሬት መቀመጡን ነገረቻቸው።

በንዴት ፕሮግራሜን ፈተሽኩ። ወደ ሲስተሙ የሚገባበት የይለፍ ቁልፍ ጊዜው አልፎበታል። ሲስተሙ ግን «አትገቢም» በማለት ፋንታ ባዶ ዝርዝር ይሰጠኝ ነበር። ስህተት ያላየው ፕሮግራሜም ባዶውን ሁሉ በዜሮ ሞልቶ «ተሳክቷል» ይላል።

ኦቦ አልተቆጡኝም። «በወረቀቱ ጊዜ» አሉኝ፣ «በሽተኛ ያልመጣለት ጣቢያ ዜሮ ጽፎ ይፈርም ነበር። ባዶ የላከውን ግን ምን ሆነህ ነው ብለን እንደውልለት ነበር።»

በዚያው ቀን አስተካከልኩት። ባዶ ከመጣ፣ ወይም ቁጥሩ ካለፈው ሳምንት በድንገት ካሽቆለቆለ፣ ፕሮግራሙ ቆሞ በቀይ ይጮኻል፤ ከራሱ አውጥቶ ዜሮ አይሞላም።

ኦቦ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ጉደር ናቸው። ሳምንት ሙሉ ድምፄ ከጠፋ ራሳቸው ይደውላሉ፦

«ሪፖርትሽ ባዶ ነው። ደህና ናት ብዬ ልሙላው እንዴ?»