የዘር ድንቹ ሲመጣ የሚነገረኝ እኔ ነኝ

የዘር ድንቹ ማንኩሳ መጋዘን በር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው፣ እኔ ባለ መጋዘኑ ቡሬ ልጄ ቤት ነበርሁ። ይመጣል ብሎ የነገረኝ የለም። ዘሩን የሚያከፋፍለው ፕሮጀክት የአዲስ አበባ አስተባባሪ ግን ኬንያና ሆላንድ ላሉት ባልደረቦቹ «ሽማግሌው ሥራውን ጥሎ ጠፋ» ብሎ ጻፈብኝ። ልባረር ነበር።

ፍኖተ ሰላም ቢሮ፣ በኮምፒውተር ስብሰባ ተቀመጥን። የናይሮቢዋ ኃላፊ ለማን፣ ምን፣ መቼ መቼ፣ በምን እንደሚነገር የተጻፈበትን ሰንጠረዥ አስከፈተች። የቢሮው ጸሐፊ ከእንግሊዝኛው እየተረጎመች አነበበችልኝ፦ «ለባለ መጋዘን፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ሁለት ቀን በፊት፣ በኢሜይል።»

«እኔ ፊደል እንጂ ኢሜይል አልቆጠርሁም» አልሁ። «በስልክ ይሁን። ደዋዩም ይህ ‹ጠፋ› ብሎ የጻፈብኝ ሰውዬ ራሱ ይሁን፤ የሰማሁትን መልሼ ልንገረው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ሥራ ይበዛብኛል» አለ አስተባባሪው።

«እኔን ለማማት መች ጊዜ አጣህ፣ ልጄ?»

ኃላፊዋ ተተርጉሞላት ሳቀች፤ ያልሁትንም ሰንጠረዡ ላይ አስገባችው።

ይኸው ጭነት በቀረበ ቁጥር ይደውላል። «አልሰማሁም፣ ድገመው» እያልሁ ሦስቴ አስለፈልፈዋለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። አንድ ጊዜ «ይቅር በሉኝ» ቢል ኖሮ፣ አንዴ መንገሩ ይበቃው ነበር።