ለማኅበር የታደለው መድኃኒት

ጥሩወርቅ ንፍጥ ትጸየፋለች። ማን ይወዳል ትሉ ይሆናል፤ እሷ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም እንጀራዋ ንፍጥ ነው። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ካለች አንዲት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ከቆመች አሥራ ዘጠኝ ክረምት አልፏታል። የጉና ተራራ ብርድ ወርዶ ከተማውን ሲይዘው፣ ሰዉ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ይገባል። በጠረገበት እጁ ብሩን ይዘረጋላታል። ሲያስለው ፊቱን ዞር የሚያደርግ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው፤ የቀረው በቀጥታ እሷ ላይ ይለቀዋል። አንዳንዱማ ደጃፉ ላይ አክታውን እንትፍ ብሎ በጫማው ያሸዋል፣ ያሸሁት ጠፋ ብሎ።

ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃል።

«ያንን ቀይና ጥቁሩን ስጭኝ።»

ቀይና ጥቁር የሚሉት አሞክሲሲሊን ነው። ስሙን የሚያውቅ የለም፣ መልኩን የማያውቅ የለም። ራሱን ላመመው እሱ፣ ጉሮሮው ለከረከረው እሱ፣ አፍንጫው ለተዘጋ እሱ። ቁስል ላይ ፈልቅቆ የሚነሰንሰውም አለ። ጥሩወርቅ «ይህ ለጉንፋን አይሆንም፣ ሙቅ ነገር ይጠጡ፣ ይረፉ» ስትል ሰዉ ቅር ይለዋል። ንፉግ ትመስለዋለች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አለሙ ደግሞ ከጓዳ ወጥቶ «እኛ ብንከለክል ጎረቤቱ ይሸጣል» እያለ ራሱ ቆርጦ ይሰጣል። ያን ጊዜ ቆሽቷ ያርራል። ማታ ቤቷ ገብታ እጇን ሦስቴ በሳሙና ብትታጠብም የቀኑ ርኩሰት የለቀቃት አይመስላትም።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህች ሰው ሁሉ ላይ አፍንጫዋን የምትነፋ ሴት የራሷ ጉድ ነበራት። ጉዱም ያለው ጋፋት፣ እናቷ ቤት ነው።

ጋፋት ከከተማው ሩቅ አይደለም። ጥሩወርቅ ከጎንደር ተምራ መጥታ ሥራ የያዘች ዓመት፣ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ክረምቱን ሙሉ ያስሉ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ናት፤ ለእናቷ ባዶ እጇን መሄድ አፈረች። አንድ ሙሉ የአሞክሲሲሊን ማሸጊያ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። ጉንፋን መሆኑን ታውቃለች። መድኃኒቱ ጉንፋን እንደማይነካም ተፈትናበት አልፋለች። ይሁን እንጂ የልጅ ስጦታ ነው፣ ምን ይጎዳል አለች።

ወይዘሮ ዘነበች የማርያም ማኅበር አላቸው። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ወር በገባ በሃያ አንድ ይሰበሰባሉ። የአገሩ ሰው ያገኘውን ለብቻው አይቀምስም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ነው ያደገው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘነበች ያንን ክኒን ለብቻቸው መዋጥ ነውር መሰላቸው። ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ከመቀነታቸው ፈትተው ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፍሬ አደሉ። ያነጠሰው ዋጠው፣ ያላነጠሰው ለነገ ብሎ ቋጠረው። በሳምንቱ የሁሉም ጉንፋን ለቀቀ። «የዘነበች ልጅ እጇ መድኃኒት ነው» ተባለ።

ጥሩወርቅ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሙገሳ ማን ይጠላል? በዓመቱም ወሰደች፣ በሦስተኛውም ወሰደች። እያደር ነገሩ እየከረፋት መጣ፤ ግን እናቷ ማኅበሩ ፊት ባዶ እጃቸውን እንዲቀርቡ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ባንኮኒው ላይ እንግዳውን ትቆጣለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማሸጊያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ጋፋት ትወርዳለች። አሥራ ዘጠኝ ክረምት እንዲህ አለፈ።

በዚህ በመጨረሻው ነሐሴ ወንድሟ ሞላ ደወለ። «እናታችን አራት ቀኗ ነው። ሽንቷን ያቃጥላታል፣ ጎኗን ይወጋታል፣ ያንቀጠቅጣታል። ያንቺን ክኒን እየዋጠች ነው፣ አልተሻላትም።»

«አራት ቀን! ምን አስቀመጣችሁ?» ብላ ጮኸች።

«መድኃኒቱ አለ ብለን ነዋ» አለ ሞላ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷቸው። ወይዘሮ ዘነበች እንደ ምድጃ ይግላሉ፣ ቃላቸው ይደነቃቀፋል። ሽንታቸው የደፈረሰ፣ ሽታው ክፍሉን የሚያስለቅቅ ነበር። ጥሩወርቅ ዕቃውን ራሷ ይዛ ወደ ላቦራቶሪ ስትወስድ ፊቷን አዞረች፤ በእናቷ መጸየፏ ደግሞ ይብስ አሳፈራት። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሷል አለና ወዲያው በደም ሥር መድኃኒት ጀመረላቸው። አንድ ቀን አለፈ፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም አለፈ። የደም ግፊታቸው መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ ጥሩወርቅን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ «የላቦራቶሪው ውጤት ዛሬ ካልደረሰልን፣ በጭፍን እየወጋን እናጣቸዋለን» አላት።

ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠራው ሱልጣን ጎንደር አብሯት የተማረ ነው። እሷና ሞላ ሲገቡ ሁለት ክብ ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። ባክቴሪያ የሚመገበው እንደ አጥሚት የረጋ ነገር ተደርጎባቸዋል። አንደኛው ላይ ጠብታ ሽንት አድሮበት የበቀለው አለ፤ ሮዝ መልክ ያላቸው ድቡልቡል ነጠብጣቦች፣ ሽታቸው የመጸዳጃ ቤት።

«እያንዳንዷ ነጠብጣብ» አለ ሱልጣን፣ «ከአንድ ባክቴሪያ የተነሣች ናት። ሲመቸው በሃያ ደቂቃ አንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት። ሲነጋ በዓይን ይታያል።»

ሁለተኛው ሳህን ላይ ይኸው ባክቴሪያ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ በላዩ ስድስት ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ወረቀት በአንድ ዓይነት መድኃኒት የተነከረ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ አይበቅልም፤ ባዶ ቀለበት ይተዋል። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ አየች። የአሞክሲሲሊኑን ወረቀት ባክቴሪያው እስከ ጫፉ ተጠግቶ ወርሶታል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ እናቷ ሁለት ቀን በደም ሥራቸው የወሰዱትም እንዲሁ። አንድ ወረቀት ብቻ ባዶ ቀለበት ነበረው፤ አሚካሲን የሚባል መርፌ።

ሱልጣን ቀና አለ። «እናትሽ ከዚህ በፊት አንቲባዮቲክ ይወስዱ ነበር?»

ሞላ ቀደመ። «ለጉንፋን ብቻ ነው። በየክረምቱ።»

«ለጉንፋን?»

«ኧረ ጉንፋንና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?» አለ ሞላ። «ያኛው አፍንጫ፣ ይኸኛው ጎን።»

ሱልጣን ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ። «እየው ሞላ። ይህ ባክቴሪያ በዓይን ባይታይም ራሱን የቻለ አባወራ ነው። ዙሪያውን ጠንካራ ግንብ አለው፣ ውስጡ የሚሠራበት ጓዳ አለው፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ለሁለት ይከፈላል። አሞክሲሲሊን የሚያጠቃው ግንቡን ነው። አዲስ ግንብ እንዳይሠራ ይከለክለዋል፣ ባክቴሪያውም ይፈነዳል። የጉንፋኑ ቫይረስ ግን ግንብም ጓዳም የለውም። የዘር መመሪያ በፕሮቲን ልባስ ተጠቅልሎ፣ በቃ። ይህ ሳህን ላይ ዓመት ብታስቀምጠው አይበቅልም፤ አይበላማ። የአፍንጫህ ሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይራባም። ሲገባ ያንተን ሕዋስ የራሱ አገልጋይ ያደርገዋል፣ ብዙ ቅጂውን ያሠራዋል፣ ቅጂዎቹ ወጥተው ሌላውን ሕዋስ ይይዛሉ። ግንብ የሌለውን ነገር በግንብ ማፍረሻ ምን ታደርገዋለህ?»

«ታዲያ ካልነካው ምን ጎዳ?»

«ቫይረሱን አልነካም፣ የእናታችሁን አንጀት ነካ። ሁላችንም አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል። ክኒኑ ሲወርድ ደካማው ይሞታል፤ መድኃኒቱን መቋቋም የሚችል ጥቂት ካለ እሱ ይተርፍና ባዶውን ቦታ ይወርሰዋል። መቋቋሙን ለሌላውም ያቀብላል። በየክረምቱ እንዲህ ስታደርግ ደካማውን እየነቀልህ ጉልበተኛውን ማራባት ነው። ይኸው ጉልበተኛ አንድ ቀን ከአንጀት ወጥቶ በሽንት ቧንቧ ወደ ኩላሊት ወጣ።» ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞረ። «ግን ማን ነው ያለ ትእዛዝ እየሸጠ የሚሰጣቸው? እንዲህ ያለውን ሰው ማየት ያስጠላኛል።»

ሞላ ወለሉን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች ጥሩወርቅ። «ሳልሸጥ። በነጻ።»

 የመድኃኒቱን ስም ጽፋ ወጣች። ደብረ ታቦር ውስጥ አልተገኘም፤ ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዋ ረሂማ ገዝታ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችላት። ማምሻውን መርፌው ተጀመረ። ጥሩወርቅ አልጋው ሥር ተቀምጣ እጇን አየችው፤ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሯ የተቆረጠ። የባንኮኒው ላይ ንፍጣም እጅ ሁሉ ከእሷ እጅ የተሻለ መሰላት። በገዛ ራሷ ተንገሸገሸች። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዘነበች ላብ አጠመቃቸው፣ ትኩሳቱም ወረደ፤ ውኃ ስጡኝ አሉ።

መስከረም በሃያ አንድ የማኅበሩ ተራ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ደረሰ። ገና ከምርኩዝ አልተላቀቁም፤ ግን ተራዬን አላሳልፍም ብለው ነው። ጥሩወርቅም መጣች። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር፣ እማማ አዲስዓለም የሚባሉ አሮጊት በነጠላቸው አፍንጫቸውን እየጠረጉ «ጥሩዬ፣ የዘንድሮውን ረሳሽውሳ?» አሏት።

ተነሥታ ቆመች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ያመጣችላቸው ክኒን ጉንፋናቸውን አንድም ቀን እንዳላዳነ፣ ይህን እያወቀች እንዳመጣችው፣ እናቷን ሊገድል እንደነበረ፣ የቀራቸው ካለ አውጥተው እንዲሰጧት።

«ኧረ ያድነን ነበር!» አሉ እማማ አዲስዓለም።

«ያዳነዎት የራስዎ ሰውነት ነው፣ እማማ። ጉንፋን ባይውጡበትም በሳምንት በአሥር ቀን ይለቃል።»

 ከዚያ አንዱ ከኪሱ፣ አንዷ ከመቀነቷ እየፈቱ ክኒኑን መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። ላብ የጠጣው፣ ስኳር የተለጠፈበት፣ ቀፎው የሟሟ፣ ፀጉር የያዘ ነበረበት። ጥሩወርቅ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማኅበርተኛው ተመርቆ ሲበተን ወይዘሮ ዘነበች ከመደቡ አልተነሡም።

«ጥሩዬ» አሉ። «አምና ወርቁ ሲሞት ምን ነበር ያመመው?»

ወርቁ ጎረቤታቸው ነበር፤ አራት ልጆች ትቶ ሞቷል።

«እኔ አላየሁትም እናቴ። ጎኔን ይላል፣ ያተኩሰዋል ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«በቃሬዛ ሊያወጡት ተነሥተው ነበር። ‹ልጄ ያመጣችው መድኃኒት አለ፣ ሰውን አታንገላቱ› ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ክኒኑን በእጄ አዋጥኩት።» ዓይናቸውን ከልጃቸው አልነቀሉም። «ብንወስደው ይድን ነበር?»

ጥሩወርቅ አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። አላውቅም ማለት እውነት ነበር። ግን እናቷ መልሱን ከፊቷ አንብበው ነጠላቸውን ተከናነቡ።